ቀበቶው ታስሮ ነበር?
አንዲት የጎሬ ልጅ የሆነች የበረራ አስተናጋጅ፣ አውሮፕላን ሳይታሰብ ተናውጦ ተሳፋሪ ሲጎዳ ስለምትጽፈው ሪፖርት ታጫውተናለች

አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጠዋል እንበል። ልጅዎ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ደመና ይቆጥራል። ሻይዎን ጨርሰው ብርጭቆውን ሊመልሱ ሲሉ ከራስዎ በላይ ደወል ተሰማና የቀበቶ ምልክቱ በራ። ውጭው ብሩህ ነው፤ አውሮፕላኑም ጸጥ ብሎ እየሄደ ነው። ያስራሉ? ወይስ "ትንሽ ቆይቼ" ይላሉ?

ለብዙ ዓመታት በአስተናጋጅነት ስሠራ "ትንሽ ቆይቼ" ያሉ በጣም ብዙ ሰዎች አይቻለሁ። አብዛኞቹ ምንም አልሆኑም። ዛሬ የማጫውትዎ ግን ስለ አንድ አባት ነው። ከእርሳቸው ጋር የነበረኝ ጉዳይ በአየር ላይ የፈጀው ጥቂት ሰከንድ ነው፤ በወረቀት ላይ ግን አንድ ሙሉ ሌሊት ፈጅቶብኛል።

የተወለድኩት ጎሬ ነው። ኢሉባቦርን የሚያውቅ ሰው ዝናባችንንም ያውቃል። ክረምቱ ረጅም ነው፤ መስከረም ጠብቶም ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይከብዳል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ከዚያ ወደ ጋምቤላ ሲወርዱ መሬቱ ወደ 500 ሜትር አካባቢ ዝቅ ይላል። ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ ያንን ተዳፋት ሲመታ መሄጃ ያጣና ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ደመና ይሆናል። ልጅ ሳለሁ ከቤታችን ደጃፍ ሆኜ ያ ደመና እንደ አበባ ጎመን እየተነባበረ ሲያድግ አይ ነበር። አስተናጋጅ ስሆን ደግሞ ከጎኑ በአውሮፕላን ማለፍ ጀመርኩ።

የዚያን ቀን ከአዲስ አበባ ወደ ጋምቤላ እየበረርን ነበር። ወሩ መስከረም፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ አካባቢ። ድርጅቱን አልጠራም፤ የአባትየውንም ስም አልናገርም። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ ያስቀመጡ ሰው ናቸው። ከልጃቸውና ከስምንት ወር የልጅ ልጃቸው ጋር ነበሩ። ጋምቤላ ወርደው በመኪና ወደ ጎሬ ሊወጡ ነው። ውሃ ስሰጣቸው አነጋገሬን ሰምተው "የማን ልጅ ነሽ?" አሉኝ። የአባቴን ስም ስነግራቸው ሳቁ፤ ያውቁታል።

አገልግሎቱን ጨርሰን ጋሪውን ቆልፈን እንዳበቃን ምልክቱ በራ። ካፒቴኑ በስልክ ጠርቶ "ከፊታችን ደመና አለ፣ ዞር ብለን እናልፋለን፣ ተቀመጡ" አለን። ባልደረባዬ በድምፅ ማጉያው ለተሳፋሪው ተናገረች። ሁለታችንም ወደየወንበራችን ሄደን ታሰርን። ሁለት ደቂቃ ያህል ምንም አልተፈጠረም። ያኔ ሕፃኑ አለቀሰ፤ አባትየውም ቀበቷቸውን ፈትተው ከላይ ካለው የዕቃ ሳጥን ጡጦውን ሊያወርዱ ብድግ አሉ።

"ጋሼ፣ እባክዎ ይቀመጡ" አልኳቸው ከተቀመጥኩበት።

"አንድ ደቂቃ ልጄ" አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል ለመናገር አስቸጋሪ ነው። ወለሉ ከሥራችን የጠፋ መሰለኝ። ትከሻዬ ላይ የነበረው ማሰሪያ ወደ ታች ጎተተኝ። አባትየው ወደ ላይ ተነሥተው ክንዳቸው የዕቃ ሳጥኑን ጠርዝ መታ፤ ተመልሰው ሲወርዱ አንድ እግራቸው የወንበር ክንድ ላይ አርፎ ተጠመዘዘ። ሕፃኑ ግን ከእናቱ ጭን ንቅንቅ አላለም። ስንነሳ የሰጠኋትን የሕፃን ቀበቶ ከራሷ ቀበቶ ጋር አያይዛ አስራው ነበር።

ለምን አስቀድሞ አይታወቅም?

እርስዎም "አብራሪዎቹ ራዳር የላቸውም ወይ?" ይሉ ይሆናል። አላቸው። በአውሮፕላኑ አፍንጫ ውስጥ ያለው ራዳር የሚያየው ግን አየሩን ሳይሆን ውሃውን ነው። የዝናብ ጠብታ ሞገዱን መልሶ ስለሚልክ ስክሪኑ ላይ ቀይና ቢጫ ሆኖ ይታያል። ደመናው ከፍ ሲል ግን ውሃው በረዶ ይሆናል፤ ደረቅ በረዶ ደግሞ ሞገዱን የሚመልሰው በደካማው ነው። ጥርት ባለ ሰማይ ውስጥ ያለ ነውጥማ ጭራሽ አይታይም። አብራሪዎች ከትልቅ የነጎድጓድ ደመና 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው እንዲያልፉ የሚመከሩትም ለዚህ ነው፤ ደመናው ከሚታይበት ጫፍ አልፎም አየሩን ያናውጣል።

ችግሩ አንዳንዱ ደመና አለመጠበቁ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ከአሜሪካዋ ፊኒክስ ወደ ሆኖሉሉ ይበር የነበረ የሃዋይያን አየር መንገድ አውሮፕላን ያጋጠመው እንዲህ ያለ ነው። ካፒቴኑ ለመርማሪዎች እንደተናገረው ደመናው በሰከንዶች ውስጥ እንደ ጭስ ከፊቱ ቀጥ ብሎ ወጣ። ለዋናዋ አስተናጋጅ ደውሎ ነውጥ ሊያጋጥም እንደሚችል ከነገራት ከአንድ እስከ ሦስት ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ አውሮፕላኑ ተመታ። 25 ሰዎች ተጎዱ፤ ከእነርሱም ስድስቱ ከባድ ጉዳት ደረሰባቸው።

አራት ሰከንድ ተኩል

በጣም የሚታወቀውና በደንብ የተመረመረው ግን ግንቦት 13 ቀን 2016 ዓ.ም. የደረሰው ነው። የሲንጋፖር አየር መንገድ ቦይንግ 777 አውሮፕላን 211 ተሳፋሪዎችና 18 ሠራተኞች ይዞ ከለንደን ወደ ሲንጋፖር ይበር ነበር። ምያንማር ሰማይ ላይ ሲደርስ በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 4፡49 ነበር። አንድ አረጋዊ ተሳፋሪ ሕይወታቸው አለፈ፤ የልብ ድካም ሳይሆን እንዳልቀረ ተነገረ። በደርዘን የሚቆጠሩ ሌሎች በራስ ቅላቸው፣ በአንጎላቸውና በአከርካሪያቸው ላይ ጉዳት ደረሰባቸው። አውሮፕላኑ አቅጣጫውን ቀይሮ ባንኮክ አረፈ።

የሲንጋፖር መርማሪዎች ከአውሮፕላኑ መቅጃ ያገኙትን በየሰከንዱ ከፍለው አውጥተውታል። መጀመሪያ ቀለል ያለ መንቀጥቀጥ ተሰማ። ከፍ የሚል አየር አውሮፕላኑን ወደ ላይ ገፋው። አብራሪው የቀበቶ ምልክቱ መብራቱን ሲናገር ድምፁ ተቀድቷል። መንቀጥቀጡ ከጀመረ ከ19 ሰከንድ ያህል በኋላ ዋናው መጣ። በስድስት አሥረኛ ሰከንድ ውስጥ አውሮፕላኑ ከሰዎቹ ሥር ወደ ታች ሸሸ፤ በቀጣዩ አራት ሰከንድ ደግሞ ተመልሶ ወደ ላይ ገፋቸው። ጠቅላላው 4.6 ሰከንድ ነው። አውሮፕላኑ በዚህ ጊዜ የወረደው 178 ጫማ፣ ማለትም 54 ሜትር ያህል ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ሰዎች የተጎዱት አውሮፕላኑ ብዙ ስለወደቀ አይደለም። ወለሉና ወንበሩ አንድ ነገር ከአየር ላይ በራሱ ከሚወድቅበት ፍጥነት በላይ ፈጥነው ስለወረዱ ነው። ያልታሰረ ሰው ቦታው ላይ ይቀራል፤ ጣሪያው ነው መጥቶ የሚመታው። የተመዘገበው ኃይል 70 ኪሎ የሚመዝንን ሰው 105 ኪሎ ያህል በሆነ ኃይል ወደ ጣሪያው የሚስብ ነበር። ዘጠኝ ኪሎ ሕፃን ያቀፈች እናት ልጇ በድንገት ወደ ላይ የሚሳብ 13 ኪሎ ተኩል ሆኖ ታገኘዋለች። ነቅታ አጥብቃ ብትይዘው ትችለው ይሆናል። በእንቅልፍ ላይ ብትሆንስ?

"ታስሬ ነበር ብለሽ ጻፊልኝ"

ወደ አባትየው ልመለስ። ከመጀመሪያው ነውጥ በኋላ ወዲያው አልተነሣሁም። ሁለተኛው ሊመጣ ይችላል፤ አስተናጋጅ ከተጎዳ ደግሞ ሌላውን የሚረዳ የለም። ይህ ዝም ብሎ የሚባል አይደለም። የአሜሪካ ሲቪል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2022 በነውጥ ከባድ ጉዳት የደረሰባቸውን 163 ሰዎች መዝግቧል፤ ከእነዚህ ውስጥ 129ኙ የበረራ ሠራተኞች፣ 34ቱ ብቻ ተሳፋሪዎች ናቸው። ቆሞ የሚውለው አስተናጋጁ ነውና።

ካፒቴኑ ሲፈቅድልን ከፊት ወደ ኋላ እያንዳንዱን ረድፍ አየን። "ደህና ነኝ" ያለውንም አንገቱን፣ ራሱን፣ ጀርባውን ጠየቅን፤ ድንጋጤ ሕመምን ይሸፍናልና። የአባትየው ቁርጭምጭሚት አብጦ ነበር። ጫማቸውን ፈትቼ፣ እግራቸውን ባሉበት ሁኔታ በብርድ ልብስ ደግፌ አሰርኩላቸው፤ ላስተካክለው አልሞከርኩም። በረዶ በጨርቅ ጠቅልዬ አደረግሁ። ለካፒቴኑ "አንድ ተጎጂ፣ መራመድ አይችሉም፣ አምቡላንስ ይጠራ" አልኩት። ከዚያ መዳፌ ላይ ሰዓቱን ጻፍኩ። ሲደናገጡ ሰዓት ይጠፋል።

አውሮፕላኑ አርፎ አምቡላንስ ስንጠብቅ አባትየው እጄን ያዙ። "ልጄ" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ወረቀት እንደምትጽፊ አውቃለሁ። ታስሬ ነበር ብለሽ ጻፊልኝ። አለበለዚያ ጥፋቱ የራስህ ነው ብለው ማሳከሚያ ይከለክሉኛል።"

አባቴን የሚያውቁ ሰው ናቸው። ምን ይሉ ነበር እርስዎ?

ወረቀቱ ምን ይጠይቃል?

እኛ የምንሞላው የክስተት ሪፖርት ረጅም አይደለም። የበረራ ቁጥር፣ ሰዓት፣ አውሮፕላኑ እየወጣ፣ እየሄደ ወይስ እየወረደ እንደነበር። ምልክቱ መቼ በራ? ለተሳፋሪ ተነግሯል? በስንት ጊዜ? ጋሪ ወጥቶ ነበር? ከዚያ ለእያንዳንዱ ተጎጂ የወንበር ቁጥር፣ ጉዳቱ፣ የተሰጠው ዕርዳታ፣ እና ያ ጥያቄ፦ ቀበቶው ታስሮ ነበር?

ሌሊት ጋምቤላ ሆቴል ውስጥ የጻፍኩት የመጀመሪያው ረቂቅ ሦስት መስመር ነበር። "በድንገተኛ የአየር ነውጥ ምክንያት አንድ ተሳፋሪ ተጎድተዋል" ይላል። ስለ ቀበቶው አልነካሁም። አንጋፋዋ ባልደረባዬ አነበበችና መለሰችልኝ። "ይኼ የሐዘን መግለጫ ነው እንጂ ሪፖርት አይደለም" አለችኝ። "ያየሽውን ለይተሽ ጻፊ፤ የሰማሽውን ለይተሽ ጻፊ፤ የገመትሽውን ተይው።"

ጻፍኩ። ምልክቱ ከበራ ሁለት ደቂቃ ገደማ እንደሆነው። ተሳፋሪው ቀበቷቸውን ፈትተው ለሕፃን ጡጦ እንደተነሡ፣ ይህንን በዓይኔ እንዳየሁ። አንድ ጊዜ ከወንበሬ ሆኜ እንደነገርኳቸው። ከዚያ ብዕሬ ቆመ፤ የቀረው የእኔ ነበርና። አጠገቤ ግድግዳው ላይ የድምፅ ማጉያ ነበር። አንስቼ ጮክ ብዬ አልደገምኩም። ሰውየውን ስለማውቃቸው አፈርኩ፤ በሰው ፊት አባትን መቆጣት መሰለኝ። እርሱንም ጻፍኩት።

ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል? ያ ወረቀት ከካፒቴኑ ሪፖርትና ከበረራ መቅጃው ጋር ተነጻጽሮ ስለሚታይ ነው። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ሕግ መሠረት አውሮፕላኑ አንድ ጭረት ሳይደርስበት ቢያርፍም፣ በጉዞው አንድ ሰው ከባድ ጉዳት ከደረሰበት ጉዳዩ "አደጋ" ተብሎ ይመደባል፤ አገር ይመረምረዋል። በእኛ አገር ይህ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ሥር ያለው የአውሮፕላን አደጋ ምርመራ ቢሮ ሥራ ነው። ከባድ የሚባለውም ተለይቶ ተቀምጧል። ከጣት፣ ከእግር ጣትና ከአፍንጫ ቀላል ስብራት በቀር ማንኛውም የአጥንት ስብራት ከባድ ነው። ጉዳቱ በደረሰ በሰባት ቀን ውስጥ ጀምሮ ከ48 ሰዓት በላይ ሆስፒታል የሚያስተኛ ሁሉ ከባድ ነው። ቆዳ ያቆሰለ የትኩስ ሻይ ቃጠሎም ሁለተኛ ደረጃ ከደረሰ እዚህ ውስጥ ይገባል።

በማግስቱ በራጅ የአባትየው ቁርጭምጭሚት መሰበሩ ታወቀ። አንዲት ጡጦ በረራውን "አደጋ" አደረገችው።

ምርመራው የሚፈልገው ጥፋተኛ አይደለም፤ የሚቀጥለውን ጉዳት ማስቀረት ነው። አባትየው ታስረው ነበር ብዬ ብጽፍ መርማሪው "ቀበቶው ለምን አልያዘም?" ብሎ ወንበሩን ያስፈታ ነበር፤ እውነተኛው ምክንያት ግን ተደብቆ ይቀራል። ከሲንጋፖሩ አደጋ በኋላ አየር መንገዱ የቀበቶ ምልክት ሲበራ ትኩስ መጠጥም ሆነ ምግብ ማደሉን እንዲያቆምና አስተናጋጆቹም እንዲቀመጡ ወስኗል።

ለእርስዎ ምን ይጠቅማል?

የመጀመሪያው ቀበቶ ነው፤ ምልክቱ ቢጠፋም እንደተቀመጡ ይሰሩት። ላላ ሳይሆን ከሆድዎ ዝቅ ብሎ ዳሌዎ ላይ ያርፍ። ብርድ ልብስ ከደረቡ ቀበቶውን ከላይ ያድርጉት፤ ለማየት ብለን አንቀሰቅስዎትም።

ሕፃን ካቀፉ የራስዎን ቀበቶ በእርስዎና በልጁ ዙሪያ በአንድ ላይ አያስሩ። ነውጥ ሲመጣ የእርስዎ ክብደት ልጁን ቀበቶው ላይ ይጨፈልቀዋል። የሕፃን ቀበቶ ይጠይቁ። አቅም ካለዎት ደግሞ ለልጁ የራሱን ወንበር ገዝተው ለአውሮፕላን በተፈቀደ የሕፃን መቀመጫ ማሰሩ ከሁሉም ይሻላል። ጡጦና ዳይፐር ከላይ ሳጥን ውስጥ ሳይሆን ከፊትዎ ካለው ወንበር ሥር ይሁን። ይህችን ምክር ያገኘሁት ከአባትየው ነው።

ነውጡ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ወይም መተላለፊያው ላይ ቢያገኝዎ ወደ ወንበርዎ አይሩጡ። ባዶ ወንበር ካለ ይቀመጡና ይሰሩ፤ ከሌለ ወለሉ ላይ ተቀምጠው የወንበር እግር አጥብቀው ይያዙ።

ከተጎዱ ደግሞ ሳይወርዱ ይናገሩ። "ትንሽ ነው፣ ያልፋል" ብለው ዝም ካሉ ሪፖርቱ ውስጥ የሉም። የአንገት ሕመም፣ ማስመለስ፣ የእጅ ወይም የእግር መደንዘዝ በማግስቱ ሊመጣ ይችላል፤ ያኔ ሐኪም ይዩና ወረቀቱን ያስቀምጡ። በዓለም አቀፍ በረራ የተሳፋሪን ካሳ የሚገዛው ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት የሞንትሪያል ስምምነት ነው። በእርሱ መሠረት ተጎጂ ክስ የሚያቀርበው በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ተሳፋሪው ራሱ ለጉዳቱ አስተዋጽኦ ካደረገ ካሳው ሊቀነስ ይችላል። የአባትየው ፍርሃት መሠረት የሌለው አልነበረም ማለት ነው።

እርሳቸው ግን ማሳከሚያ አልተከለከሉም። ወጪያቸው ተሸፍኗል። ከወራት በኋላ ቤተሰቦቼን ልጠይቅ ጎሬ ሄጄ አገኘኋቸው። ከዘራ ይዘው፣ ቀስ ብለው እየተራመዱ። እንደሚቀየሙኝ ጠብቄ አንገቴን ደፋሁ።

"ምን ብለሽ ጻፍሽ?" አሉኝ።

"እውነቱን ጋሼ። የእርስዎንም የእኔንም።"

ዝም ብለው አዩኝ። "የአንቺ ምንድን ነው?" አሉ።

ማጉያውን እንዳላነሣሁ ነገርኳቸው። ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉና ሳቁ። "እህ፤ ብትጮኺብኝ እኮ እቀመጥ ነበር" አሉኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ምልክቱ ከበራ በኋላ የተነሣ ሰው ሳይ ማጉያውን አነሣለሁ። ታላቅም ታናሽም አልለይም። ምናልባት አንድ ቀን ከእኔ ጋር ሲበሩ የወንበር ቁጥርዎን ጠርቼ "ይቀመጡ" ስል ይሰሙኝ ይሆናል። ያኔ አይቀየሙኝ።